የውል ሕግ ሚዳችን ምርጫ፣ ፋይናላችን ጽሑፍ ነው፦ አጠናኑ ይለያያል ወይስ አንድ ነው?

የማርቆስ ሁለተኛ ዓመት

እንዴት ዋላችሁ? ደብረ ማርቆስ የሕግ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በዚህ ሴሚስተር የውል ሕግ እየወሰድን ነው። መምህራችን ሚዱን በምርጫ፣ ፋይናሉን ደግሞ በጽሑፍ እንደሚያወጣ ነግሮናል። ሚዱ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ፋይናሉ ከሚዱ በኋላ አምስት ሳምንት ገደማ ይቆያል። ለሚዱ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ይዘን አንገባም፤ ለፋይናሉ ግን ኮዱን ማስገባት ይፈቀዳል።

ዶርም ውስጥ በዚህ ጉዳይ ሁለት ቦታ ተከፍለናል። ግማሹ «ያው አንድ ኮርስ ነው፣ ሃንድአውቱን ደጋግመህ ካነበብክ ለሁለቱም ይሆናል» ይላል። ሌላው ደግሞ «ለምርጫ በሩጫ፣ ለጽሑፍ በእርጋታ» ይላል፤ እንዴት እንደሆነ ሲጠየቅ ግን የሚያብራራ የለም። እኔ የምፈልገው ሦስቱን ሳምንትና አምስቱን ሳምንት በምን በምን ልሙላቸው የሚለውን ነው። ያለፋችሁበት እስቲ ንገሩኝ።

ደጀን በር

ለምርጫው ብዙ አትጨነቅ። መልሱ እዚያው ወረቀቱ ላይ ነው ያለው፣ አንተ መለየት ብቻ ነው። ከሲኒየሮች የድሮ ጥያቄ ሰብስብና ሥራ። ዋናው ነገር መጀመሪያ የመረጥከውን እንዳትቀይር፤ የመጀመሪያው ስሜት ሁሌም ትክክል ነው። ብዙ ሰው የወደቀው እየሰረዘ ነው። ለጽሑፉ ግን ሽምደዳ ያስፈልግሃል፤ አንቀጾቹን ቃል በቃል ያዝ። መምህር የሚወደው ኮዱን እንዳለ ስትጽፍለት ነው።

የቡሬዋ ጠበቃ

ወንድሜ፣ የደጀኑ ልጅ ካለው ውስጥ የድሮ ጥያቄ መሥራቱን ያዝ። በቀረው አልስማማም። በተለይ ኮድ በሚገባበት ፈተና አንቀጹን ቃል በቃል መገልበጥ ነጥብ አያስገኝም፤ መምህሩም ኮዱ አለው፣ አንተም አለህ። እኔ ቡሬ ጥብቅና ከመጀመሬ በፊት ጀማሪ ተማሪዎችን አስጠና ነበር፤ ችግሩ የት እንደሚፈጠር በአንድ ጉዳይ ላሳይህ።

አንድ ሰው ከተማ ውስጥ ያለውን ቤቱን ሸጠ። ወረቀት ተጻፈ፣ ሻጭና ገዢ ፈረሙ፣ ሁለት ምስክሮችም ፈረሙበት። ፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ያለው ዘንድ ግን ሄደው አላስመዘገቡትም። ገዢዋ ገንዘቡን ከፍላለች። ከስምንት ወር በኋላ የቤት ዋጋ ሲጨምር ሻጩ «ውል የለንም፣ ብርሽን ውሰጂ» አላት።

ይህ በምርጫ ሲመጣ እንዲህ ይሆናል፦ «ውሉ ሀ. የጸና ነው። ለ. እንደ ረቂቅ የሚቆጠር ነው። ሐ. በሁለት ዓመት ውስጥ ክስ ከቀረበ ሊፈርስ ይችላል። መ. በተዋዋዮቹ መካከል የጸና ሆኖ ሦስተኛ ወገንን አያስገድድም።»

አሁን የተሳሳቱትን ሦስቱን ተመልከታቸው። እንዲያው በዘፈቀደ የተጻፉ አይደሉም። «ሀ» የተዘጋጀው የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 1727 ብቻ ለሚያውቅ ተማሪ ነው፤ ጽሑፍ አለ፣ ፊርማ አለ፣ ሁለት ምስክር አለ፣ አለቀ ይላል። «ሐ» የተዘጋጀው በስህተት፣ በማታለል ወይም በመገደድ የተሰጠ ፈቃድ የሚያስከትለውን ነገር ከፎርም ጉድለት ጋር ለሚያደባልቅ ነው፤ የሁለት ዓመቱን ገደብ ከ1810 አምጥቶ እዚህ ይለጥፈዋል። «መ» ደግሞ «ምዝገባ ማለት ለሌላ ሰው ማሳወቂያ ነው» ብሎ ለገመተ ነው። መልሱ «ለ» ነው፤ 1723 በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ የባለቤትነት መብት የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዝገብ ይላል፤ 1720 ደግሞ የታዘዘው ፎርም ካልተጠበቀ ያለው ነገር ረቂቅ እንጂ ውል አይደለም ይላል።

ስለዚህ ለምርጫ ስታጠና ሥራህ ጎረቤታሞችን መለያየት ነው። ደብተርህን መሐሉን አስምረህ ሁለት ሁለት እያደረግክ ጻፍ። በአንድ በኩል 1720፣ በሌላ በኩል ሊፈርስ ስለሚችል ውል የሚናገረው 1808። በአንድ በኩል 1706፣ በሌላ በኩል 1709። በየሥራቸው አንድ አጭር ምሳሌ አስቀምጥ። «ካልፈረምክ ቤትህን አቃጥላለሁ» 1706 ነው፣ መገደድ ነው። «ዕዳህን ካልከፈልክ እከስሃለሁ» ደግሞ መብቱን እንደሚጠቀምበት ማስፈራራት ነው፤ ከመጠን ያለፈ ጥቅም ለማግኘት ካላዋለው በስተቀር ውል አያስፈርስም፣ ይህ 1709 ነው። ፈታኝ የሚወዳት ያቺን «ካላዋለው በስተቀር» የምትለዋን ነው። የ1810ን ሁለት ዓመትና የ1845ን የይርጋ አሥር ዓመትም እንዲሁ ጎን ለጎን አድርጋቸው፤ ለየብቻ ስታነባቸው ግልጽ ይመስላሉ፣ ፈተና ላይ ግን አብረው ነው የሚመጡት።

ያው ጉዳይ በጽሑፍ ሲመጣ ግን አማራጭ የለም። «የገዢዋን መብት ተንትን» ይልሃል፣ ዝም። ጥያቄው ምን እንደሆነ ራሱ የሚያወጣው አንተ ነህ። ደንቡ በ1719 ውል ልዩ ፎርም አያስፈልገውም፤ 1723 ከዚያ የወጣ ልዩ ሁኔታ ነው፤ በእኛ ጉዳይ የ1727 ፊርማና ምስክር ተሟልቷል፣ ምዝገባው ግን የለም፤ ስለዚህ 1720። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። ገዢዋ የከፈለችው ብርስ? በምን መሠረት ይመለሳል? ተዋዋዮች ወደ ነበሩበት ስለመመለስ የሚናገረውን 1815ን አንስተህ እዚህ ይሠራል ወይስ አይሠራም ብለህ መከራከር አለብህ። ነጥቡ ያለው እዚያ ነው።

ለዚህ የሚጠቅምህ ባዶ ወረቀት ነው። ጉዳዩን አንብብ፣ ኮዱን ዝጋ፣ ጭብጦቹን ብቻ በአጭሩ አስፍር። ከዚያ ኮዱን ክፈትና ጻፍ። ኮድ የሚገባ ከሆነ ቁጥር መሸምደድ ሳይሆን የት እንዳለ ማወቅ ነው የሚያስፈልግህ። ፎርም ከ1719 እንደሚጀምር፣ የፈቃድ ጉድለት ከ1696 እንደሚጀምር ካወቅክ ይበቃል። ፈተና ላይ ኮድ ሲገለብጥ ጊዜው ያለቀበት ተማሪ ብዙ ነው።

የማርቆስ ሁለተኛ ዓመት

እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ገና ገባኝ። ታዲያ ሳምንቶቹን እንዴት ልከፋፍላቸው? ሁለቱን ጎን ለጎን ላስኬድ ወይስ ሚዱ እስኪያልፍ ጽሑፉን ልተወው?

እናት ከፍኖተ ሰላም

ልጆች ሰላም ናችሁ? ልጄ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። ብሔራዊ ፈተና ልትፈተን ነው። ቀን ከሌት ስታነብ ነው የማያት፣ ሃይማኖቷም ጤናዋም ያሳስበኛል። እናንተ ያላችሁትን አነበብኩላት፤ ባዶ ወረቀት ላይ ጻፊ አልኳት። እሷ ግን «የእኛ ፈተና ጽሑፍ የለበትም» አለችኝ። ታዲያ ይህ ምክር ለእሷ አይሆንም ማለት ነው?

መምህር ዘዳንግላ

እናቴ፣ ልጅዎ ልክ ናት፤ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሁሉም ምርጫ ነው። ባዶ ወረቀቱ ግን ለእሷም ይሆናል፣ አጠቃቀሙ ነው የሚለየው። ረጅም ጽሑፍ አትጻፍ። ምዕራፉን ካነበበች በኋላ መጽሐፉን ዘግታ የምታስታውሰውን ብቻ በአጭሩ ታስፍር፣ ከዚያ ገልጣ ታመሳክር። ጥያቄ ስትሠራም አማራጮቹን በእጇ ሸፍና መጀመሪያ መልሱን በራሷ ትሞክር። አማራጭ ሲከፈት ብቻ መልሱ የሚመጣላት ከሆነ ያንን ነገር ገና አላወቀችውም፤ ስታየው ነው የሚመስላት። ደግሞ ሌሊቱን ታስተኛት።

ለማርቆሱ ልጅ፦ በ2006 እ.ኤ.አ. ሮዲገርና ካርፒክ የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ያሳተሙት ሥራ ለአንተ ጥያቄ በቀጥታ ይሆናል። ተማሪዎችን አጭር ጽሑፍ አስነበቡ። ገሚሶቹ ደግመው አነበቡት፤ ገሚሶቹ ሳያዩ ያስታወሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሁለት ቀንና ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ነገሩ ተገለበጠ፣ ሳያዩ የጻፉት በለጡ። ዶርማችሁ ውስጥ «ደጋግመህ አንብብ» የሚሉት ልጆች ማታ አንብበው ሲጨርሱ ያወቁት የሚመስላቸው በዚህ ምክንያት ነው። ያንተ ፈተና ከአምስት ደቂቃ በኋላ አይደለም።

ደጀን በር

መምህር፣ ጥናቱን ተቀብያለሁ። ግን «አትቀይር» ያልኩት ከልምድ ነው። እኔ ራሴ ቀይሬ የተሳሳትኩትን እስከዛሬ አስታውሳለሁ።

መምህር ዘዳንግላ

ችግሩ እሱ ነው፣ የምናስታውሰው ያቃጠለንን ነው። ቀይረህ ያገኘኸውን ማን ያስታውሰዋል? በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የ1,561 ተማሪዎችን የምርጫ ፈተና ወረቀት ተመልክቶ የላጲስ ምልክቶቹን ቆጠረ። ከተቀየሩት መልሶች 51 በመቶው ከስህተት ወደ ትክክል ሄደዋል፤ 25 በመቶው ከትክክል ወደ ስህተት፤ 23 በመቶው ከስህተት ወደ ሌላ ስህተት። ስለዚህ ምክንያት ካገኘህ ቀይር። ጥያቄውን ደግመህ ስታነብ «በስተቀር» የምትለዋን ዘለህ እንደነበር ካየህ ቀይር። «እንዲያው ደስ አላለኝም» ከሆነ ግን ተወው።

ሌላም አለ። የድሮ ጥያቄ ስትሠራ መልሱን ሳታመሳክር አትተኛ። ሮዲገርና ማርሽ በ2005 እ.ኤ.አ. ያሳዩት ነገር ነው፤ ሰው በምርጫ ፈተና የመረጠውን የተሳሳተ አማራጭ በኋላ በጽሑፍ ሲጠየቅ እንደ እውነት አድርጎ ያመጣዋል። በተለይ ላንተ ይህ ከባድ ነው፣ ምክንያቱም ፋይናልህ ጽሑፍ ነው። ሚድ ላይ የለመድከው ስህተት ፋይናል ላይ አንቀጽ ሆኖ ይወጣብሃል።

የቡሬዋ ጠበቃ

የመምህሩን የመጨረሻ ነጥብ ያዝልኝ ልጄ፣ እኔም ደጋግሜ ያየሁት ነው። ሚዱ እንደተመለሰ የሳትካቸውን ጥያቄዎች ቁጭ ብለህ አስተካክላቸው። ትክክለኛውን ፊደል መክበብ አይበቃም፤ የመረጥከው ለምን እንዳልሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍበት።

ወደ ሳምንቶቹ ልመለስ። ጽሑፉን ሙሉ በሙሉ አትተወው፤ ግን እኩልም አታድርጋቸው።

የመጀመሪያው ሳምንት ለሁለቱም ይሆናል። በየምዕራፉ ባዶ ወረቀት፦ ዘግተህ አስታውስ፣ ከፍተህ አርም። ሁለተኛው ሳምንት የጎረቤታሞቹ ደብተር ነው፤ በቀን ሁለት ሦስት ጥንድ ከሠራህ ይበቃል። ሦስተኛው ሳምንት ጥያቄ ብቻ ይሁን፣ ግን አደበላልቀህ። ፎርምን ጨርሼ ወደ ፈቃድ፣ ፈቃድን ጨርሼ ወደ አፈጻጸም አትበል። ፈተናው ምዕራፍ ጠብቆ አይመጣልህም። በአንድ ቁጭታ ሃያ ጥያቄ ሠርተህ ወዲያው ማረም፣ ማታ ደግሞ የሳትካቸውን ብቻ መድገም። የምርጫ ጥናት አጭር አጭር ሆኖ ቶሎ ቶሎ ሲመላለስ ነው የሚይዝ። ምሳ ሰዓት ላይ ሃያ ደቂቃ፣ መኝታ ላይ ሃያ ደቂቃ ዋጋ አለው።

ጽሑፍ እንደዚያ አይሆንም። ሃያ ደቂቃ ላይ ገና ጉዳዩን ገብተህ አልጨረስክም። ከሚዱ በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን ያልተቆራረጠ ሁለት ሰዓት ፈልግ። ገበያ ቀን ከሆነም፣ ቤተሰብ ጋ መሄድ ካለብህም ያንን ቀን ዝለለው እንጂ ሰዓቱን አትሸርፈው። በመጀመሪያው ሰዓት አንድ ጉዳይ ሰዓት ይዘህ ጻፍ። በሁለተኛው ሰዓት ራስህን አርም። መጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አንድ ጭብጥ ያላቸውን ጉዳዮች፣ ቀጥለው ያሉት ሁለት ሳምንታት ሁለትና ሦስት ጭብጥ የተደበላለቀባቸውን። የመጨረሻው ሳምንት ላይ አዲስ ነገር አታንብብ፤ ፈተናው በሚሰጥበት ሰዓት ልክ ሁለት ጉዳይ በተከታታይ ጽፈህ እጅህንም ጊዜህንም ለካ።

አንድ ነገር ልብ በል። ለጽሑፍ በደንብ የተዘጋጀ ተማሪ ምርጫ ላይ ብዙ አይጎዳም፤ ለምርጫ ብቻ የተዘጋጀ ግን ጽሑፍ ላይ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ይደርቃል። የመጀመሪያው ሳምንት ባዶ ወረቀት ያልኩህ ለዚህ ነው።

ዘዲማ

የሕግ ሦስተኛ ዓመት ነኝ፣ ከዚህ በፊት ቅኔ ቤት ነበርኩ። እትዬ ያሉትን ሳነብ የቅኔ ጉባኤያችን ነው ትዝ ያለኝ። ተማሪው ቀኑን ለብቻው ሆኖ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ያርሙታል። ከጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ይጀመርና ደረጃ በደረጃ እስከ መወድስ ይደረሳል። ማንም ተነሥቶ መወድስ አይቆጥርም። ለጽሑፍ ፈተናም መጀመሪያ አንድ ጭብጥ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ከዚያ ብዙ መባሉ ትክክል ነው።

ከዚያ የወሰድኩት ዋና ነገር ግን ሌላ ነው፦ የሚያርም ሰው ያስፈልጋል። ራስህን ስታርም ያሰብከውን ነው የምታነብ፣ የጻፍከውን አይደለም። ሁለት ሆናችሁ ወረቀት ተለዋወጡ። የጓደኛህን ስታርም ጉድለቱ ቶሎ ይታይሃል።

አምስተኛ ዓመት እንጅባራ

እኔ በትንሹ ልለይ። የእናንተ ቅደም ተከተል ለአንድ ኮርስ ያዋጣል። እኔ አሁን ለመውጫ ፈተና ነው የምዘጋጀው። 100 የምርጫ ጥያቄ ነው፣ በኮምፒውተር፣ ማለፊያው 50 በመቶ። የአምስት ዓመት ኮርስ በአንድ ወረቀት ነው። ለያንዳንዱ ኮርስ ባዶ ወረቀት ይዤ ብቀመጥ አልደርስም። ስለዚህ ገልብጬዋለሁ፦ መጀመሪያ ጥያቄ እሠራለሁ፣ የወደቅኩበትን ምዕራፍ ብቻ ወደ ኋላ ተመልሼ በባዶ ወረቀት አጠናለሁ። አምስት ዓመት ሙሉ በጽሑፍ ስንፈተን የኖርን ሰዎች ችግራችን ደግሞ ሌላ ነው። ጥያቄውን አንብበን «ይሄ እኮ ያከራክራል» እንላለን። አራቱም አማራጭ ላይ መከራከሪያ እናገኛለን። ምርጫ ላይ ክርክር የለም፣ ጥያቄው ላይ የሌለ ፍሬ ነገር ከራስህ ጨምረህ ከሆነ ታጣዋለህ።

ቋንቋውንም ማንም አላነሣው። የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው፣ ፈተናውም እንግሊዝኛ ነው። እኔ ጽሑፉን በአማርኛ አስቤ በአማርኛ ጭብጡን አስፍሬ ነው ወደ እንግሊዝኛ የምገለብጠው። ለምርጫ ግን ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ ነው የማጠናው፣ ምክንያቱም አማራጮቹ የሚለያዩት በአንዲት ቃል ነው።

መምህር ዘዳንግላ

የመውጫ ፈተናው ላይ ያልከው ያስኬዳል፣ ሰፊ ይዘት ሲሆን ጥያቄው ራሱ ጉድለት ያሳያል። በአማርኛ አስቦ መገልበጡ ላይ ግን እጠራጠራለሁ። ሰዓት ይበላል። ጭብጡን በአማርኛ ማስፈር ጥሩ፤ ዓረፍተ ነገሩን ግን ከመጀመሪያው በሚጻፍበት ቋንቋ ቢለምዱት ይሻላል።

ዘዲማ

እኔ ከእንጅባራው ጋር ነኝ። በአማርኛ ያልገባኝን በእንግሊዝኛ ጽፌው አላውቅም።

የማርቆስ ሁለተኛ ዓመት

እሺ፣ ትናንት ማታ የቤቱን ጉዳይ ኮድ ዘግቼ፣ ከዚያ ከፍቼ ጻፍኩት። በአማርኛ ነው የጻፍኩት፣ ለዚህ መድረክ እንዲሆን። ዋናው አንቀጽ ይኸው፦

«በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1723 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ መሆንና መመዝገብ አለበት። በአንቀጽ 1727 መሠረት ውሉ በተዋዋዮች መፈረምና በሁለት ምስክሮች መረጋገጥ አለበት። በአንቀጽ 1720 መሠረት ፎርሙ ካልተጠበቀ ረቂቅ ነው። ስለዚህ ውል የለም። ገዢዋ መብት የላትም።»

እትዬ፣ እስቲ ይታረም።

የቡሬዋ ጠበቃ

ጎበዝ፣ አንቀጾቹ ትክክል ናቸው፣ ቅደም ተከተሉም ደህና ነው። አሁን እስክሪብቶ ያዝና ከጉዳዩ የመጣ ፍሬ ነገር ያለበትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ አስምርበት። ወረቀቱ፣ ፊርማው፣ ምስክሮቹ፣ ስምንቱ ወር፣ የተከፈለው ብር። አየህ? አንድም መስመር አላሰመርክም። ይህን መልስ ሰው ሳያውቅህ ቢያነበው ስለየትኛው ቤት እንደሆነ አያውቅም። ጽሑፍ ፈተና ላይ ትልቁ ነጥብ የሚጠፋው እንዲህ ነው፤ ሕጉ ተጽፎ ጉዳዩ ሳይነካ ይቀራል።

ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ላስተካክልልህ፦ «ሻጭና ገዢ ወረቀቱ ላይ ፈርመዋል፣ ሁለት ምስክሮችም አሉበት፤ ስለዚህ አንቀጽ 1727 የሚጠይቀው ተሟልቷል። የጎደለው በአንቀጽ 1723 የተጠየቀው ምዝገባ ብቻ ነው።» ልዩነቱ ይታይሃል? የአንተ ሕጉን ነገረኝ፣ ይህኛው በሕጉ ጉዳዩን ለካው። ለመለካት ቀላል መንገድ አለ፦ «በአንቀጽ… መሠረት» ብለህ የጀመርካቸው ዓረፍተ ነገሮች ከሌሎቹ ከበለጡ ትንተናህ ቀጭን ነው።

መጨረሻህ ደግሞ ቸኮለ። «መብት የላትም» ብለህ ዘጋህ። ቤቱ ላይ መብት የላትም ማለትህ ነው? ብሯ ላይስ? ለሁለት ክፈለው። ቤቱን ማስረከብ መጠየቅ አለመቻሏ አንድ ነገር ነው፤ የከፈለችው መመለሱ ሌላ ነው።

አምስተኛ ዓመት እንጅባራ

እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ሻጩ ፍርድ ቤት ቀርቦ «አዎ ሸጫለሁ፣ ብሩንም ተቀብያለሁ፣ ግን አልተመዘገበም» ቢልስ? ውሉን አምኗል ማለት ነው። ያኔም ረቂቅ ነው? የሰበር ሰሚ ችሎት በ1723 ላይ የሰጣቸውን ውሳኔዎች አንስተን ክፍል ውስጥ በጣም ተከራክረናል፤ መስማማት ግን አልቻልንም።

የቡሬዋ ጠበቃ

ጥሩ አነሣህ። ሰበር በሕግ አተረጓጎም የሚሰጠው ውሳኔ በሥር ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ ስለሆነ፣ ጽሑፍ ፈተና ላይ ይህን ማንሣት ያስመሰግናል። ኮዱ ላይ ብቻ ቆሞ የቀረ መልስና «ሻጩ ውሉን ካመነስ?» ብሎ የጠየቀ መልስ እኩል አይታረሙም። ምርጫ ላይ ግን እዚያ አትግባ። ጥያቄው ስለ ማመን ካልነገረህ አላመነም። የሚያሟግተው የሕግ ነጥብ ላይ እኔም የራሴ አቋም አለኝ፣ ግን በሁለት መስመር የሚያልቅ አይደለም፤ ውሳኔዎቹን አንብባችሁ ኑና ለብቻው ክር እንክፈትለት።

ደጀን በር

እኔ አንድ ነገር ይቀረኛል። ምንም የማላውቀው ጥያቄ ከመጣስ? ባዶ ልተወው?

መምህር ዘዳንግላ

ለስህተት ነጥብ የሚቀነስ ካልሆነ ባዶ አትተው። አራት አማራጭ ባለበት በጭፍን መገመት ከአራት አንዱን ይሰጥሃል፤ ሁለቱን በምክንያት ከጣልክ ከሁለት አንዱ ይሆናል። የሚቀነስ መሆን አለመሆኑን ግን ከፈተናው በፊት ጠይቅ፣ መመሪያውንም አንብብ። «ሁሌም ሐ ምረጥ»፣ «ረጅሙን ምረጥ» የሚባለውን ግን ተወው። ጠንቃቃ መምህር አማራጮቹን በርዝመት ያመጣጥናል፣ ቦታቸውንም ይቀያይራል።

የማርቆስ ሁለተኛ ዓመት

እትዬ ባሉት መሠረት ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ደግሜ ጻፍኩት፣ ብሩን ለብቻ አወጣሁት። ከዘዲማ ጋርም ተነጋግረናል፣ ከሚዱ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ወረቀት ልንለዋወጥ ነው። ለአሁኑ ግን ከ1696 እስከ 1710 ያሉትን ጥንድ ጥንድ ማድረግ ጀምሬያለሁ። 1704ን ከ1705 ጋር ላጣምረው ወይስ ከ1697 ጋር? ሁለቱም ይመሳሰሉብኛል።

የቡሬዋ ጠበቃ

ሦስቱንም በአንድ ገጽ አድርጋቸው። 1697 ላይ የተሳሳተው ራሱ ነው፣ ያሳሳተው ሰው የለም። 1704 ላይ ሌላኛው ተዋዋይ ተንኮል ሠርቷል። 1705 ላይ የተነገረው ሐሰት ነው፣ ግን በሁለቱ መካከል ልዩ መተማመን ያስፈለገበት ግንኙነት መኖሩን መጠየቅ አለብህ። ምሳሌውን አንተው ፍጠር፣ ነገ አምጣና እንየው።